ከሰርጉ ቀን ወደ ኋላ

ሰርግ የሚደግስ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ከዛሬ ተነስቶ ወደ ፊት ይቆጥራል። ከሰርጉ ቀን ተነስቶ ወደ ኋላ መቁጠር ይሻላል፤ ጠጅ ገንዘብ ስለጨመሩለት ቶሎ አይደርስምና።

ሰርጉ እሑድ ጥር 17 ነው እንበል። ጠጁ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ማሩ ቢዘገይ ታኅሣሥ 26 መበጥበጥ አለበት። አገሩ ደጋ ከሆነ ብርዱ መፍላቱን ስለሚያዘገይ አንድ ሳምንት ይጨመርለት። ጌሾው ወጥቶም አረፋው ካልበረደ፣ ሲቀመስም የማር ጣፋጭነቱ ካልለቀቀው ገና ነው። ጠላው ሁለት ሳምንት ስለሚበቃው ጥር 3 ይጠነሰሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእንጀራው ነው። ቅዳሜ እንዲጋገር ሊጡ ረቡዕ ጥር 13 ይቦካል፤ አብሲቱም ቅዳሜ ማለዳ ይጣላል። እስካሁን ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የረቡዕ ዋዜማ ቃና ዘገሊላ ነው! ከከተራ ጀምሮ ሰው ታቦት ሲያጅብ ስለሚሰነብት፣ ባለወፍጮም ሆነ አጋዥ ጎረቤት ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ጤፉ ተነፍቶና ተፈጭቶ የሚያልቀው ከጥር 10 በፊት ነው። ወደ ፊት የቆጠረ ሰው ይህን የሚያውቀው ማክሰኞ ማታ ነው።

ከየቀኑ ጎን የአንድ ሰው ስም ይጻፍ፤ “ሁላችንም እናየዋለን” የተባለ ሥራ ባለቤት የለውም።