በሐምሌ የሚቀዘቅዝ ባሕር

በደቡባዊ ኦማን የምትገኘው የወደብ ከተማ ሳላላህ ለአየር ጠባይ አጥኚዎች ግራ የሚያጋባ የሙቀት ሰንጠረዥ አላት። በሰሜን 17ኛ ዲግሪ ላይ ስላለች በክረምቱ ወራት ፀሐይ በአናቷ ላይ ትውላለች። ሆኖም ሙስካት በሐምሌ ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ የሳላላህ የቀን ሙቀት ከ28 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። የከተማዋ ሞቃታማ ወር ግንቦት ነው፤ ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ጉም ይወርድባታል፣ ካፊያው ሳያቋርጥ ይጥላል፣ ከጀርባዋ ያሉት የዶፋር ተራሮችም አረንጓዴ ይለብሳሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ወቅት «ኸሪፍ» በሚለው የአረብኛ ስሙ ያውቁታል፤ የአገሬው ሰው ቤተሰቡን ይዞ ከሙቀት የሚሸሽበት ጊዜ ነው። ከተራሮቹ ወዲያ፣ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ የምትደረሰው ቱምራይት ግን በዚያው ቀን በበረሃ ሐሩር ትነዳለች።

ለዚህ ልዩነት አብዛኛው ሰው የሚሰጠው ምክንያት «ዝናቡ አቀዘቀዘው» የሚል ነው። ነገሩ ግን ከባሕሩ ይጀምራል። የዐረቢያ ባሕር በግንቦት 30 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ከዓለም ሞቃታማ ባሕሮች አንዱ ይሆናል። ከዚያ በኋላ፣ ሌሎቹ የሰሜን ንፍቀ ክበብ ባሕሮች ገና እየሞቁ ሳሉ፣ እሱ መቀዝቀዝ ይጀምራል። በሶማሊያ ዳርቻ፣ በተለይ በራስ ሐፉን አካባቢ፣ በነሐሴ የውሃው ገጽታ ከ20 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። በሦስት ወር ውስጥ 10 ዲግሪ መውረድ ለአየር ቀላል ነው፤ ለባሕር ግን እጅግ ትልቅ ነገር ነው። ከባሕሩ ገጽ ወደ ታች ሦስት ሜትር ያህል ብቻ ያለው ውሃ የሚይዘው ሙቀት ከበላዩ ያለው አየር በሙሉ፣ እስከ ሰማይ ጥግ፣ ከሚይዘው ጋር ይስተካከላል። ታዲያ ይህ ሁሉ ሙቀት የት ገባ?

መልሱን ለማግኘት ወደ ደቡብ፣ ከምድር ወገብ ወዲያ መሻገር ያስፈልጋል። በክረምቱ ወራት የእስያ ምድር ሲግል ከደቡባዊው የህንድ ውቅያኖስ የሚነሣ ነፋስ በማዳጋስካር ሰሜናዊ ጫፍ በኩል አልፎ ወደ ኬንያ ዳርቻ ይገሠግሣል። ወደ ምዕራብ ሊዘልቅ ቢሞክር የምሥራቅ አፍሪካ ከፍታዎች፣ የኢትዮጵያ ተራሮችንም ጨምሮ፣ እንደ ግንብ ይቆሙበታል። ስለዚህ በዳርቻው ታጥፎ ሶማሊያን እየታከከ ወደ ህንድ ያመራል። እንግሊዛዊው የአየር ጠባይ ባለሙያ ጆን ፊንድሌተር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ይህ ነፋስ በሰፊው የተበተነ ሳይሆን ከመሬት አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ላይ የሚሮጥ ጠባብና ኃይለኛ የአየር ወንዝ መሆኑን አሳየ። ዛሬም በሙያው ዘንድ በስሙ ይጠራል። ተራሮቻችን ዝናብ እንደሚያዘንቡ ሁላችንም እንሰማለን፤ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለን ባሕር በማቀዝቀዝ ሥራ ላይ ድርሻ እንዳላቸው ግን እምብዛም አይነገርም።

ነፋሱ ውሃውን ይዞት ይሄዳል። የሶማሊያ ጅረት የሚባለው የባሕር ውስጥ ወንዝ በዚህ ወቅት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይፈሳል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ሁለት ሜትርና ከዚያም በላይ ስለሚሆን ከፈጣን እግረኛ ይቀድማል። ልዩ የሚያደርገው ግን ዓመት ሳይሞላ መመለሱ ነው። በታኅሣሥና በጥር ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ሲነፍስ ጅረቱም ፊቱን አዙሮ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይፈሳል። ከዓለም ታላላቅ የዳርቻ ጅረቶች መካከል እንዲህ በየወቅቱ አቅጣጫውን የሚገለብጥ ሌላ የለም። የዐረብና የስዋሂሊ መርከበኞች በዚሁ መመላለስ ላይ ተመሥርተው ለዘመናት ነግደዋል፤ በአንዱ ነፋስ ወደ ዛንዚባር ወርደው በሌላው ይመለሱ ነበር፣ በመሐል ባሕሩ ሲቆጣም ወደብ ይዘጉ ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ጅረቱ ውሃ ከቦታ ቦታ እንደሚወስድ ነው፤ ቅዝቃዜው ከየት እንደሚመጣ ግን ገና አልተመለሰም። ከምድር ወገብ የሚመጣ ውሃ ይህን ያህል ቀዝቃዛ ሊሆን አይችልም። ቁልፉ የተገኘው ከሶማሊያ ርቆ፣ በሰሜን ዋልታ በረዶ መካከል ነው። ኖርዌያዊው አሳሽ ፍሪድትዮፍ ናንሰን እ.ኤ.አ. ከ1893 እስከ 1896 «ፍራም» የተባለች መርከቡን ሆን ብሎ በበረዶ አስይዞ ሲንሳፈፍ፣ በረዶው ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ አስተዋለ፤ ዘወትር ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ስዊድናዊው ቫግን ቫልፍሪድ ኤክማን ምክንያቱን በሒሳብ አስረዳ። ምድር ስለምትሽከረከር በሰሜን ንፍቀ ክበብ የሚንቀሳቀስ ነገር ወደ ቀኝ ይገፋል። የላይኛው የውሃ ንብርብር የሚቀጥለውን ይጎትታል፣ ያም የበታቹን፤ እያንዳንዱ ከበላዩ ካለው ትንሽ ወደ ቀኝ ይዞራል። ንብርብሮቹ አንድ ላይ ሲደመሩ ውሃው በጥቅሉ ከነፋሱ አቅጣጫ በስተቀኝ፣ በቀጥተኛ ማዕዘን ይሄዳል።

ይህን ወደ ሶማሊያ እናምጣው። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ይነሣል፤ ጀርባውን ለነፋሱ የሰጠ ሰው ቀኙ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ማለትም ወደ ጥልቁ ባሕር ይሆንበታል። ስለዚህ በዳርቻው ያለው ሞቃት የገጽታ ውሃ ያለማቋረጥ ከመሬት እየራቀ ይገፋል። ከመሬቱ በኩል የሚተካው ውሃ የለም። ክፍተቱን የሚሞላው ከአንድ መቶና ከሁለት መቶ ሜትር ጥልቀት የሚወጣ፣ ፀሐይ ያላየው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። የኦማን ዳርቻም ከነፋሱ በስተግራ ስለሆነ በዚያም ተመሳሳይ ነገር ይፈጸማል። የሳላላህ ባሕር የሚቀዘቅዘው እንዲህ ነው።

ቀዝቃዛው ውሃ በዳርቻው ቢቀር ኖሮ ነገሩ የአካባቢ ጉዳይ ሆኖ ባበቃ ነበር። ግን በሰሜናዊ ሶማሊያ ፊት ለፊት በየዓመቱ ክረምት «ታላቁ ሽክርክሪት» የሚባል፣ ስፋቱ እስከ 500 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የውሃ አዙሪት ይፈጠራል። በሰሜናዊ ጠርዙ ቀዝቃዛውን ውሃ ከዳርቻ ነጥቆ ወደ ሶቆጥራ አቅጣጫና ወደ መካከለኛው ባሕር ይረጨዋል። አዙሪቱ ነፋሱ ገና ሳይጠነክር፣ በፀደይ ምልክቱን ማሳየቱ ተመራማሪዎችን ሲያነጋግር ቆይቷል፤ ከምሥራቅ ውቅያኖሱን አቋርጦ የሚመጣ ዝግተኛ የውሃ ውስጥ ሞገድ እንደሚቀሰቅሰው መለኪያዎች ያመለክታሉ። ቀድሞ ይህን ሁሉ መከታተል ከባድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 «ዲስከቨሪ» የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ በዚያ ማዕበል ውስጥ ገብታ ጅረቱን ስትለካ ሥራው ለመርከበኞቹ መከራ ነበር። ሳተላይት ከመጣ በኋላም ቢሆን የክረምቱ ደመና የሙቀት ካሜራዎችን ይጋርድ ነበር፤ ደመናን አልፈው የሚያዩ የማይክሮዌቭ መሣሪያዎች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲላኩ ነው ቀዝቃዛው ምላስ ከዳርቻ ወደ ውስጥ ሲዘረጋ በየቀኑ መታየት የቻለው።

የተረጨው ውሃ በመካከለኛው ባሕር ፀሐይ እየበላው ይሞቃል፤ ከዚያም በገጽታው ላይ ወደ ደቡብ፣ ከምድር ወገብ ወዲያ ይሄዳል። በምትኩ በሶማሊያ ዳርቻ በኩል ቀዝቃዛ ውሃ ከደቡብ ይገባል። አትላንቲክ በገልፍ ጅረት በኩል ሙቀቱን ወደ ሰሜን፣ ወደ አውሮፓ ይልካል፤ የህንድ ውቅያኖስ ግን በሰሜን በኩል እስያ ስለዘጋችበት የሚያወጣበት በር ደቡብ ብቻ ነው። ግንቦት ላይ የነበረው ሙቀት የገባበት ከፊሉ ይህ ነው። ቀሪው በነፋሱ ኃይል በትነት መልክ ወደ አየር ይወጣል፣ ወይም ከሥር ከመጣው ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ይደባለቃል።

በዳርቻው ለሚኖረው ሰው ይህ ምን ማለት ነው? ዝናብ እንዲዘንብ አየር ሞቆ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ቀዝቃዛ ባሕር ላይ የሚያልፍ አየር ግን ከታች ይቀዘቅዝና ይከብዳል፤ ከበላዩ ከበረሃው የመጣ ሞቃትና ደረቅ አየር እንደ ምጣድ አክንባሎ ይገጥምበታል፣ እንፋሎቱም ከሥሩ ታፍኖ ይቀራል። በዶፋር የታፈነው እርጥበት ጉም ሆኖ ወደ መሬት ይገፋና ከተራሮቹ ጋር ይላተማል፤ ዛፎቹ ጠብታውን በቅጠላቸው እየለቀሙ ወደ ሥራቸው ያንጠባጥቡታል። በሶማሊያ ዳርቻ ነፋሱ ከመሬቱ ጋር ጎን ለጎን ስለሚሮጥ እርጥበቱን የሚያሳርፍበት ተራራ አያገኝም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ደጋ በዝናብ በሚጥለቀለቅበት በሐምሌና በነሐሴ የሶማሌ አርብቶ አደር «ሐጋ» በሚለው ደረቅ ወቅት ውስጥ ነው። ሞቃዲሾ በእነዚህ ወራት የዓመቱን ቀዝቃዛ ቀኖቿን ታሳልፋለች።

እዚህ ላይ ባሕሩን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አያዋጣም። የአፍሪካ ቀንድ ድርቀት ነፋሱ ራሱ እየተበተነ በመሄዱም፣ እርጥበቱን ወደ ህንድ ይዞ በመሮጡም ይመጣል፤ ቀዝቃዛው ውሃ ድርቀቱን ያጠናክረዋል እንጂ ብቻውን አይፈጥረውም። ይህን ለማየት ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ዞር ማለት ይበቃል። በርበራና ቦሳሶ ከነፋሱ ተከልለው ስላሉ ቀዝቃዛው ውሃ አይደርሳቸውም፤ ከተራራ የሚወርደው ነፋስም እየሞቀ ስለሚመጣ በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ግን እነሱም ደረቅ ናቸው። ባሕሩ ሙቀቱን ይለውጣል፤ ዝናቡን ግን ከሌሎች ጋር ተጋርቶ ነው የሚወስነው።

በመስከረም ነፋሱ ሲደክም አዙሪቱ ይበተናል፣ ባሕሩም መልሶ ይሞቃል። በጥቅምትና በኅዳር «ዴይር» የሚባለው አጭር ዝናብ ወደ ኦጋዴንና ወደ ሶማሊያ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ መጠኑም ምዕራባዊው የህንድ ውቅያኖስ ምን ያህል እንደሞቀ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ከሶማሊያ ፊት ለፊት ያለው ውሃ ከወትሮው እጅግ ሞቆ በኢንዶኔዥያ በኩል ያለው ሲቀዘቅዝ በምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ዝናብና ጎርፍ ሆነ። ናይሮቢ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል የዴይርን ትንበያ ሲያዘጋጅ ከሚመለከታቸው ነገሮች ዋነኛው ይህ የሁለቱ ዳርቻዎች የሙቀት ልዩነት ነው። የምዕራቡ መለኪያ ሣጥን የሚጀምረው በምሥራቅ 50ኛ ዲግሪ ላይ፣ እዚያው በሶማሊያ ዳርቻ ነው።