ከርከዴው «ያድናል» ሳይባል

«ከርከዴ ሻይ ከደም ግፊት ያድናል!» ይህ ማስታወቂያ አሜሪካ ውስጥ ቢወጣ፣ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ሻዩን ፈቃድ እንደሌለው መድኃኒት ሊቆጥረው ይችላል። የበሽታ ስም ተጠርቶ «ይፈውሳል» ወይም «ይከላከላል» መባሉ ይበቃል። «ኪኒኔን ጣልኩ» የሚል የደንበኛ ምስክርነትም ሻጩ ከለጠፈው የራሱ ቃል ሆኖ ይቆጠራል፤ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አንዳንድ ጥናቶች ከርከዴ የደም ግፊትን በመጠኑ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ያም ሆኖ መቀነስና ማዳን ለየቅል ናቸው። እንዲያውም የግፊት ኪኒን ለሚወስድ ሰው ግፊቱ ከልክ በላይ ሊወርድበት ይችላል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ካፌይን የሌለው፣ ጎምዘዝ ያለ ቀይ ሻይ። የግፊት መድኃኒት የምትወስዱና ነፍሰ ጡሮች አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፤ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ።»