የእናት ሞት በ250 ቃላት

አንዲት እናት በእርግዝና ወቅት፣ ወይም እርግዝናው ባበቃ በ42 ቀናት ውስጥ፣ ከእርግዝናው ጋር በተያያዘ ምክንያት ስትሞት ጉዳዩ ይመረመራል። ኢትዮጵያ ይህን ቅኝት በሥርዓት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ግኝቱ ለሳይንሳዊ ጉባኤ ሲላክ ግን ብዙ ጊዜ ከ250 እስከ 300 ቃላት ብቻ ይፈቀድለታል፤ መነሻው፣ ዘዴው፣ ውጤቱና መደምደሚያው ሁሉ እዚያው ውስጥ መግባት አለባቸው።

ጀማሪዎች ቃላቱን የሚጨርሱት መነሻው ላይ ነው። ገምጋሚው የእናቶች ሞት አሳሳቢ መሆኑን ያውቃል፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ሰፊው ቦታ የውጤቱ ነው። ለምሳሌ አንድ ሆስፒታል የ40 እናቶችን ሞት መረመረ እንበል። «ብዙዎቹ በደም መፍሰስ ሞተዋል» ብሎ መጻፍ ብዙም አያስረዳም። «ከ40ዎቹ 18ቱ ከወሊድ በኋላ በደረሰ ደም መፍሰስ ሞተዋል፤ ከእነዚህ ለ11ዱ ደም የደረሰው ዘግይቶ ነው» ሲባል ግን መዘግየቱ ቤት ወይም መንገድ ላይ ሳይሆን ሆስፒታሉ ውስጥ መሆኑ ይታያል። ባለሙያዎች ሦስተኛው መዘግየት የሚሉት ይህንን ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የተመረመሩት የሞቱት ብቻ ስለሆኑ፣ በሕይወት ከተረፉት ጋር ሳይነጻጸር «መዘግየቱ የመሞት ዕድልን ጨምሯል» ማለት አይቻልም። የወሊድ ብዛት ካልተቆጠረም የሞት ምጣኔ አይሰላም።

መደምደሚያውም «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ከሚል፣ ደም ማዋለጃ ክፍሉ አጠገብ እንዲቀመጥ ቢጠይቅ ይሻላል። የሟቿ ቀበሌና የሞተችበት ቀን ግን ቦታ ቢተርፍም አይጻፉም፤ በትንሽ ከተማ ማንነቷ ወዲያው ይታወቃል።