ሊሄድ የተነሳን ሠራተኛ ምን ብሎ መጠየቅ?

ጅቡቲ ካርቲየ 4 ቤት ተከራይቶ የሚኖርና ዶራሌ ወደብ ላይ ለአንድ ትራንዚት ድርጅት የኮንቴይነር ሰነድ የሚከታተል ኢትዮጵያዊ ሥራውን ሊለቅ ነው እንበል። ቅጹ ላይ ምክንያቱን «የቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ሞልቷል። የሰው ሀብት ባለሙያዋ ይህን ተቀብላ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ብታስገባው ማንም አይወቅሳትም፤ ግን ምንም አላወቀችም።

እሱም ቢሆን የሚሸሽገው ያለ ምክንያት አይደለም። የአለቃው ዘመድ ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። ቀጣዩን ሥራ የሚያገኘው በሰው በሰው ነው፤ ስሙ «አማራሪ» ተብሎ ከወጣ ሰፈሩ ጠባብ ነው። ስለዚህ ከጥያቄው በፊት ሰዓቱንና ጠያቂውን መምረጥ ይቀድማል። የመጨረሻ ክፍያውና የሥራ ምስክር ወረቀቱ እጁ ሳይገባ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ የምስጋና ንግግር ከመሆን አያልፍም። ጠያቂው የቅርብ አለቃው መሆን የለበትም፤ ቋንቋውም እሱ የሚናደድበት ቋንቋ ቢሆን ይመረጣል። በፈረንሳይኛ ቅጽ ፊት የሚያድበሰብሰው ሰው በአማርኛ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ዘርዝሮ ይናገራል።

«ለምን ለቀቅክ?» የሚለው ደካማው ጥያቄ ነው፤ ሰው የተዘጋጀ መልስ ይዞ የሚመጣው ለእሱ ነው። የተሻለው «ሌላ ሥራ ማሰብ የጀመርከው መቼ ነው? በዚያ ሳምንት ምን ነበር?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ አስተያየት ሳይሆን ቀን ያወጣል፤ ቀን ከተገኘ ደግሞ ከፈረቃ ሰሌዳና ከደመወዝ መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ሁለተኛው «ወንድምህ እዚህ ልቀጠር ቢልህ ስለ ምኑ ታስጠነቅቀዋለህ?» ነው። ስለ ራሱ ማማረር የሚያፍር ሰው ለወንድሙ ሲሆን ይናገራል። ሦስተኛው «ምን ቢስተካከል ኖሮ ትቆይ ነበር?» ይላል፤ «ምንም» የሚል መልስም ራሱ መረጃ ነው።

አሁን ባለሙያዋ የዓመቱን መልሶች ዘርግታ ተቀመጠች እንበል። 12 ሰው ለቋል፤ 8ቱ «ደመወዝ አነሰኝ» ብለዋል። ችኩል ሥራ አስኪያጅ እዚህ ላይ ወይ ለሁሉም ጭማሪ ያደርጋል፣ ወይ «በጀት የለም» ብሎ ይዘጋዋል። እሷ ግን ቀኖቹን ስታይ ከ8ቱ 6ቱ መልቀቅ ያሰቡት ወደ ሌሊት ፈረቃ በዞሩ በአንድ ወር ውስጥ መሆኑን አገኘች። ሌሊት ሲወጡ ሚኒባስ የለም፤ ወደ ካርቲየ 4 የሚመለሱት በታክሲ ነው። ለአንድ ጉዞ 1,000 ፍራንክ ቢወስድባቸው፣ በወር 15 ሌሊት 15,000 ፍራንክ ከኪሳቸው ይወጣል። የቀን ፈረቃው ሠራተኛ በዚያው ደመወዝ አላማረረም። ስለዚህ የደመወዝ የሚመስለው ችግር የመመለሻ ችግር ነው፤ መፍትሔውም ፈረቃው ሲያልቅ የሚያደርስ መኪና መከራየት ነው።

ለሥራ አስኪያጁ የምትወስደው አንድ ገጽ ነው፤ ምን ታየ፣ ምን ይደረግ፣ ማን ያድርገው፣ እስከ መቼ። የመኪናውን የወር ኪራይ አንድ አዲስ ሰው ለመቅጠር፣ ለማሠልጠንና ተምሮ እስኪጨርስ በሚበላሸው ሰነድ ከሚወጣው ወጪ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። የማንም ስምና የማንም ቃል አይገባበትም። የአንድ ክፍል ሰዎች ሦስት ወይም አራት ብቻ ከሆኑ የክፍሉን ስም መጻፍም አደገኛ ነው፤ አለቃው ማን እንደተናገረ ወዲያው ይለያል። መኪናው ከተጀመረ በኋላ የምትከታተለው ወደ ሌሊት ፈረቃ የሚገቡት ሠራተኞች 90 ቀን መቆየታቸውን ነው። ቆይታቸው ካልተለወጠ ምክንያቱን አላገኘችውም ማለት ነው።

የስንብት ቃለ መጠይቁ የማይደርስበትም ቦታ አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን ኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ሥራ የተሰጣቸውን ሰዎች ተከታትለው በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ዓመት ሳይሞላ ለቀው ተገኝተዋል። በመጀመሪያው ወር የሚሄድ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ቅጽ አይሞላም፤ አንድ ጠዋት ይቀራል፣ በቃ። ስለዚህ መልሶቹ በሙሉ ተሰናብተው ከሄዱት ብቻ የተገኙ ናቸው። ጎበዝ ባለሙያ ሳይሰናበቱ ለቀሩት ከሁለት ወር በኋላ ስልክ ትደውልላቸዋለች፤ ያኔ አዲስ ሥራ ይዘዋል፣ ፍርሃቱም ቀንሷል። ከዚያ ሁሉ ግን የሚረክሰው፣ ያንኑ «ምን ቢስተካከል» የሚለውን ጥያቄ ገና በሥራ ላይ ያለውን ሰው በሦስተኛው ሳምንቱ መጠየቅ ነው።