ክፍሉ ተከፍቷል፤ መስመሩን ማን ይያዝ?

አሜሪካ ውስጥ፣ ኮሎራዶ ግዛት፣ ፎርት ሞርጋን ከተማ የሚገኘው የካርጊል ሥጋ ፋብሪካ ለሠራተኞቹ የጸሎት ክፍል ነበረው። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ሶማሌ ሙስሊም ሠራተኞች በሶላት ጉዳይ ከአለቆቻቸው ጋር ተጋጭተው ሥራ አቆሙ፤ 150 ያህሉም ተባረሩ። ኩባንያው ደንቡን አልቀየርኩም ቢልም በ2018 ለ138 ሰዎች 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ጠቡ በክፍሉ አልነበረም። ስንት ሰው በአንድ ጊዜ ከመስመሩ ይውጣ በሚለው ነበር።

የሥጋ መስመር አይጠብቅም፤ አንድ ሰው ቢላውን አስቀምጦ ሲወጣ ያልተቆረጠው ሥጋ ቀጣዩ ሰው ላይ ይከመራል። ስለዚህ ፈቃድ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ተተኪ ያስፈልጋል። በአንድ መስመር ዘጠኝ ሰጋጆች አሉ እንበል። ለዐስር ሶላት ጊዜው ሰፊ ስለሆነ አንድ በአንድ ቢወጡም ይደርሳሉ። መግሪብ ግን ፀሐይ እንደጠለቀች የሚሰገድ፣ ጊዜውም አጭር ነው። ሦስት ሦስት ሆነው አሥር አሥር ደቂቃ ቢወጡ ግማሽ ሰዓት ይበቃቸዋል፤ ለዚያ ግማሽ ሰዓት ሦስት ተተኪዎች ይመደባሉ ማለት ነው።

ብዙ አለቆችን የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ የፀሐይ መጥለቂያ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት እንኳን አይለዋወጥም። ኮሎራዶ ላይ ግን በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ ከቀኑ 10፡30 ገደማ፣ በሰኔ ደግሞ ከምሽቱ 2፡30 ገደማ ነው። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የተረሳ የእረፍት ሰሌዳ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከሶላቱ ጋር ይተላለፋል። ሰሌዳው በየሁለት ሳምንቱ ይታደስ።

«እኛ እየሸፈንን እነሱ ያርፋሉ» የሚለው ማጉረምረም እውነት አለበት። ጸሎቱ ከመደበኛው እረፍት ላይ ተቀንሶ የሁሉም ደቂቃ ድምር እኩል ከሆነ ቅሬታው ይበርዳል። መለዋወጡም ለሁሉም ይሁን፤ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ኦርቶዶክስ ምሳውን ወደዚያ ቢያሸጋግር ምን ይጎዳል? የእሑድ ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ እሑድ አልሠራም ባለ ክርስቲያን የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ ላይ፣ አሠሪ የሃይማኖት ጥያቄን ሲከለክል ሥራውን በእጅጉ የሚያከብድ ወጪ እንደሚያመጣበት ማሳየት አለበት ብሏል። የሥራ ባልደረባ ማኩረፍ ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

ክፍሉ ራሱ ቀላል ነው፤ ንጹሕ ወለል፣ የጫማ መደርደሪያ፣ የቂብላ ምልክት ይበቃዋል። ሥዕልም ሆነ ጥቅስ በቋሚነት አይሰቀልበት፤ የሚመጣው የሚያስፈልገውን ይዞ መጥቶ ይዞ ይመለስ። ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጸልይ ጴንጤና በጸጥታ የሚሰግድ ሙስሊም በአንድ ሰዓት ቢገናኙ ሁለቱም ይቸገራሉና ተራ ይያዝ። ለውዱእም ዝቅ ያለ የእግር መታጠቢያ ይሠራ። ያለዚያ እግር በእጅ መታጠቢያ ሳህን ላይ ይታጠባል፣ ውሃ ወለሉ ላይ ይፈስሳል፣ ሰው ይንሸራተታል፤ የጽዳት ሠራተኛዋም ከሁሉም ቀድማ ክፍሉ ይዘጋ ትላለች።