ልጁን ከመቆጣታችን በፊት ገመዱ የት እንደተሰካ እንይ

ልጄ ከባሕር ዳር ስትመጣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚሰካ፣ ጣት የሚያህል ዕቃ ይዛልን መጣች። ስትሪሚንግ ስቲክ ይሉታል። በቤቱ ዋይፋይ ፊልሙንም የልጆች ዝግጅቱንም ከኢንተርኔት እየሳበ ያሳያል።

ሁለት ቀን በደህና ሠራ። ከዚያ ግን ፊልም በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስክሪኑ ይጨልማል፤ የፋብሪካው ምልክት ይመጣና እንደ አዲስ ይነሣል። «የሚነካካው እሱ ነው» ብዬ የስምንት ዓመት የልጅ ልጄን ተቆጣሁት። «አልነካሁም» ብሎ ቢያለቅስም አላመንኩትም።

ቅዳሜ ለገበያ ስወጣ ዕቃውን አዲስ ቅዳም ላይ ስልክ ለሚጠግን ወጣት አሳየሁት። አገላብጦ አየውና፣ «ሲስተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከየት ነው?» አለኝ።

«ከራሱ ከቴሌቪዥኑ፤ ገመዱን ዩኤስቢው ላይ ሰክተነዋል።»

«እንግዲያው ዕቃው ደህና ነው፤ የጎደለው ኃይል ነው» አለኝ።

የብዙ ቴሌቪዥኖች ዩኤስቢ ፍላሽ ለማንበብ የተሠራ ነው። የተለመደው የሚሰጠው 5 ቮልት በግማሽ አምፒር፣ ማለትም 2.5 ዋት ነው። ከስቲኩ ጋር በመጣው አዳፕተር ላይ ግን «Output: 5V 1A» ተብሎ ተጽፏል፤ ይህ 5 ዋት፣ እጥፍ ነው። ስቲኩ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ትንሹ ይበቃዋል። ፊልም ሲከፈት ግን ዋይፋዩም ምስሉም በአንድ ጊዜ ኃይል ይጠይቃሉ፤ ያን ጊዜ ቮልቱ ይወርድና ዕቃው ጠፍቶ ይነሣል። ደም ማነስ ያለበት ሰው ቁጭ ሲል ደህና መስሎ ዳገት ሲወጣ እንደሚያዞረው ማለት ነው።

አዳፕተሩን «ሶኬት ይቆጥብልናል» ብለን ከካርቶኑ ሳናወጣው ነበር የቀረነው። ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ፤ የስቲኩን ገመድ ከዩኤስቢው ነቅዬ አዳፕተሩ ላይ፣ አዳፕተሩንም ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካሁ። ኤችዲኤምአይ ላይ የተሰካውን ስቲክ አልነካሁትም። ሲቋረጥብን የነበረውን ያንኑ ፊልም ከፈትን፤ እስከ መጨረሻው አንድም ጊዜ አልጠፋም።

አዳፕተሩ የጠፋባችሁ የስልክ ቻርጀር መጠቀም ትችላላችሁ፤ ግን ጽሑፉን አንብቡ። ቮልቱ 5፣ አምፒሩ 1 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። አምፒሩ ቢበልጥ ጉዳት የለውም፤ ዕቃው የሚወስደው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። በግድግዳ ሶኬትም ላይ መነሣቱ ካልቆመ ገመዱን ቀይሩ፤ ረጅምና ቀጭን ገመድ በመንገድ ላይ ኃይል ይበላል። ፊልሙ ቆሞ ክብ ምልክት ብቻ የሚሽከረከር ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የደከመው ኢንተርኔቱ ነው። የኃይል እጥረት ምልክቱ የፋብሪካው ምልክት ተመልሶ መምጣቱ ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ የልጅ ልጄን ይቅርታ ጠየቅሁት። «አልነካሁም አላልኩሽም?» አለኝ።