የካፑቺኖና የላቴ ወተት፦ ተረቱና እውነታው

ለካፑቺኖና ለላቴ የሚዘጋጅ ወተት በእንፋሎት ሲመታ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል፤ ወተቱ ይሞቃል፣ አየርም ይገባበታል። የገባው አየር በዓይን ተለይተው ወደማይታዩ ጥቃቅን አረፋዎች ከተሰባበረ ወተቱ ወፈር ያለ፣ አንጸባራቂና ለስላሳ ይሆናል። ካልተሰባበረ ከላይ ደረቅ አረፋ፣ ከታች ቀጭን ትኩስ ወተት ሆኖ ይለያያል። ለዚህ ልዩነት ብዙውን ጊዜ ምክንያት ተደርጎ የሚነገረው የማሽኑ ዋጋ ወይም የወተቱ ዓይነት ነው። ከሁለቱ በላይ የሚወስነው ግን ወተቱ ወደ ጆጉ ሲገባ የነበረው ሙቀት ነው።

ይህ በደጋ ከተማ እምብዛም አይታወቅም፤ በፔካ 12 ግን ፈጥኖ ይታያል። ፔካ 12 ከጅቡቲ ከተማ መሃል 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ ከወደቡ ጭነት የሚያመላልሱ የኢትዮጵያ ከባድ መኪና ሹፌሮች የሚያርፉበት ሰፈር ነው። በበጋው ወራት የጥላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ጅቡቲ ምግቧን ከሞላ ጎደል ከውጭ ስለምታስገባ ወተቱም በአብዛኛው ያለ ማቀዝቀዣ የሚቀመጥ የካርቶን ወተት ወይም ዱቄት ነው። አዲስ አበባ ላይ ማኪያቶ የለመደ ሰው እዚህ አረፋው ሸካራ ሆኖ ቢያገኘው ጥፋቱን የሚጥለው በካርቶኑ ላይ ነው።

የካርቶን ወተት አረፋ አይወጣውም የሚለው ግን ተረት ነው። አረፋውን የሚያቆመው የወተቱ ፕሮቲን ነው፤ በአየሩና በወተቱ መካከል ስስ ሽፋን ሆኖ እያንዳንዷን አረፋ ይይዛታል። በከፍተኛ ሙቀት ለአጭር ጊዜ ሞቆ የታሸገው ወተት ይህን ፕሮቲን አላጣም፤ እንዲያውም አረፋው ብዙ ጊዜ ደህና ይቆማል። ያጣው የትኩስ ወተትን ጣዕም ነው፤ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ትንሽ የበሰለ ጠረን አለው። አረፋን በእርግጥ የሚገድለው ያረጀ ወተት ነው። ስቡ መፍረስ ሲጀምር አረፋው ይነሳና ወዲያው እየተንጫጫ ይጠፋል። ገና ያልኮመጠጠ የሚመስል ወተት እንኳ በዚህ ይጋለጣል።

እውነተኛውን ምክንያት ለማየት ሥራውን በቅደም ተከተል መከተል ያስፈልጋል። መጀመሪያ እንፋሎቱ ለአፍታ ወደ ውጭ ይለቀቃል፤ በቱቦው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ወተቱ ላይ እንዳይፈስ ነው። ጆጉ ከግማሽ በላይ አይሞላም፤ ወተቱ ሲያድግ ቦታ ይፈልጋል። ከዚያ የቱቦው ጫፍ ከወተቱ ፊት በጥቂቱ ገባ ብሎ፣ ከመሃል ወደ አንድ ጎን ሸሸት ይልና እንፋሎቱ በሙሉ ይከፈታል። አየር የሚገባው አሁን ነው፤ ባሪስታዎች ስትሬች የሚሉት ይህንን ነው። ትክክል ሲሆን ወረቀት በትንሽ በትንሹ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ አለው። ወተቱ ከተንዶቆዶቀና ከተረጨ ጫፉ ከወተቱ ወጥቷል፤ ስል ጩኸት ካሰማ ደግሞ ጠልቋል፣ አየርም እየገባ አይደለም።

የሚፈለገው አየር ሲገባ ጫፉ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ድምፁ ይረግባል፣ ወተቱም በጆጉ ውስጥ እንደተሽከረከረ ይቀጥላል። በዚህ ደረጃ አዲስ አየር አይጨመርም። ሽክርክሪቱ የገቡትን ትላልቅ አረፋዎች ወደ ታች እየሳበ ይሰባብራቸዋል፣ ከወተቱም ጋር ያዋህዳቸዋል። ሁለቱ መጠጦች የሚለያዩት በመጀመሪያው ደረጃ ርዝመት ነው። ለላቴ አየሩ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ይሰጣል፣ ወተቱም በአምስት እጁ አንዱን ያህል ያድጋል። ለካፑቺኖ ግን በግማሽ ያህል እስኪያድግ ይሰጣል። ሁለተኛው ደረጃ ለሁለቱም አንድ ነው፣ ጊዜም ይፈልጋል።

እዚህ ላይ በብዙ ካፌ የሚታየው ልማድ ጆጉን ወደ ላይና ወደ ታች መናጥ ነው። አረፋ የሚወጣው በመናጥ ነው ተብሎ ይታመናል፤ እርግጥ አረፋ ይወጣል። ነገር ግን ጫፉ በወጣ ቁጥር አዲስ ትልቅ አረፋ ይገባል፣ ሽክርክሪቱም ይቋረጣል፣ የተሰባበረው ላይ ያልተሰባበረ ይደረባል። ውጤቱ በማንኪያ ተቆርጦ ከላይ የሚቀመጥ ነጭ ክምር ነው። እጅ መቆየት ያለበት በአንድ ቦታ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ወተቱ ነው።

አሁን ወደ ፔካ 12 ሙቀት። 200 ሚሊ ሊትር ወተትን ከ5 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ በ30 ሴኮንድ የሚያደርስ ማሽን እንውሰድ። ይህ ማሽን በሴኮንድ ሁለት ዲግሪ ገደማ ያሞቃል። ለካፑቺኖ 8 ሴኮንድ አየር ቢሰጥ ከማቀዝቀዣ የወጣው ወተት 20 ዲግሪ ገደማ ላይ ይደርሳል፤ ለማሽከርከር 22 ሴኮንድ ይቀረዋል። ያው ወተት ከመደርደሪያ ተነስቶ በ32 ዲግሪ ቢጀምር ግን ከ8 ሴኮንድ አየር በኋላ 47 ዲግሪ ሊሞላ ይቃረባል። 60 እስኪደርስ የሚቀረው 7 ሴኮንድ ነው። በ7 ሴኮንድ ያን ሁሉ አየር ማሰባበር አይቻልም፤ ባሪስታው አንድም ሸካራ አረፋ ያቀርባል፣ አንድም እንዲሰባበርለት ሲጠብቅ ወተቱን ያቃጥለዋል። ሁለቱም ስህተቶች ከደንበኛው ጠረጴዛ ሲታዩ የካርቶኑ ጥፋት ይመስላሉ።

አየር ከሰውነት ሙቀት፣ ማለትም ከ37 ዲግሪ በፊት ተሰጥቶ ያልቃል የሚባለው ደንብም ከዚሁ ስሌት ጋር ይሄዳል። ቀዝቃዛው ወተት እዚያ እስኪደርስ 17 ሴኮንድ ያህል አለው፤ የመደርደሪያው ወተት ያለው ሦስት ብቻ ነው። ስቡም የራሱ ድርሻ አለው። በማቀዝቀዣ ሙቀት የወተት ስብ በአብዛኛው የጠነከረ ነው፤ በ30 ዲግሪ አካባቢ ግን ከፊሉ ጠጣር ከፊሉ ቀላጭ ስለሚሆን በአረፋዎቹ ሽፋን ላይ እየተለጠፈ ያፈነዳቸዋል።

ስለዚህ የካርቶን ወተት ሳይከፈት የማይበላሽ መሆኑ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ለማሽን ይሆናል ማለት አይደለም። በቂ ማቀዝቀዣ በሌለበት ካርቶኑን በበረዶ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማቆየት ይበቃል፤ በረዶውን ወተቱ ውስጥ መጨመር ግን ያቀጥነዋል። ጆጉም ይረሳል። በማሽኑ ራስ ላይ ከሲኒዎቹ ጋር የዋለ ጆግ እጅ ያቃጥላል፣ የገባበትንም ወተት ገና እንፋሎቱ ሳይከፈት ያሞቀዋል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ተለቅልቆ መነሳት አለበት። ወተቱን ማቀዝቀዝ ጨርሶ ካልተቻለ ለሁለት ሲኒ የሚሆን 400 ሚሊ ሊትር በትልቅ ጆግ አንድ ላይ መሥራት ጊዜውን በእጥፍ ያረዝመዋል። ወይም ካፑቺኖው ይቀርና አነስተኛ አየር የሚበቃው ላቴ ወይም ማኪያቶ ይሠራል። የዱቄት ወተትም ሕጉ አንድ ነው። ለብ ባለ ውሃ በደንብ ተበጥብጦ፣ ተጠልሎና ቀዝቅዞ ከመጣ አረፋው ያምራል፤ ስቡ የወጣለት ዱቄት እንዲያውም ከሁሉም ይበልጥ ያረፋል፣ ጣዕሙ ግን ሳሳ ያለ ነው።

ወተቱ በጣም በሞቀ ቁጥር ይጣፍጣል የሚለው ተረት ከሁሉም የከበደ ነው፤ ደንበኛውም ስለሚደግፈው አይነቀልም። የወተቱ ጣፋጭነት በሚገባ የሚታወቀው ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ነው። ስኳሩ በእንፋሎት አይጨምርም፣ አይቃጠልምም፤ የሚለወጠው የምላስ ስሜት ነው። ወደ 70 ዲግሪ ሲጠጋ ፕሮቲኑ ቅርጹን ይለቃል፣ የተቀቀለ ዕንቁላል የሚያስታውስ ጠረን ይመጣል፣ አረፋውም ይሸክራል። ቴርሞሜትር በሌለበት መለኪያው መዳፍ ነው። ጆጉ ሙቅም ቀዝቃዛም የማይመስልበት ቅጽበት 37 ዲግሪ ነው፤ እጅ ሊያርፍበት የማይችልበት ደግሞ መዝጊያው ነው። እንፋሎቱ ከተዘጋ በኋላም ወተቱ ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል።

አንድ ነገር ግን በዚህ ምክር ሳይምታታ መቅረት አለበት። 60 ዲግሪ ለታከመ ወተት እንጂ ላልታከመ አይበቃም። ከላም ባለቤት በቀጥታ የተገዛ ወተት በብሩሴሎሲስ ወይም በከብት ሳንባ ነቀርሳ ሊበከል ይችላል። ጀርሞቹን ለማጥፋት 63 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ፣ ወይም 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሴኮንድ መቆየት ይጠይቃል፤ የማሽን እንፋሎት ይህን አያደርግም። እንዲህ ያለ ወተት አስቀድሞ በምድጃ ይፈላል፣ ስልባቦቱ ይነሳል፣ ከዚያ ቀዝቅዞ ወደ ጆጉ ይገባል። አፍልቶ በትኩሱ ወደ ማሽን የሚወስደው ሰው የመደርደሪያውን ካርቶን ችግር በባሰ መልኩ ይደግመዋል።

በጆጉ የተረፈውን ወተት እንደገና መምታትም እንዲሁ ኪሳራ ነው። የሚነሳው ከሞቀበት ነው፣ ፕሮቲኑም ከፊሉ ሥራውን ጨርሷል። በዚያ ላይ እንፋሎት ወተት ውስጥ ሲገባ ውሃ ይሆናል፤ 200 ሚሊ ሊትሩን ከ5 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ብቻ 18 ግራም ገደማ ውሃ ይጨመርበታል። ሁለተኛ ዙር ሌላ ውሃ ነው። በሲኒው ልክ ለክቶ መቅዳት ይሻላል።

ጥሩ ወተት ሲዘጋ ፊቱ እርጥብ ቀለም ይመስላል፣ ነጠላ አረፋም አይታይበትም። ጥቂት ትላልቅ አረፋዎች ካሉ ጆጉን ጠረጴዛው ላይ አንዴ መታ አድርጎ ማሽከርከር ያጠፋቸዋል፤ ብዙ ከሆኑ ግን መታ መታው አያድናቸውም። ቆሞ ከቆየ አረፋው ወደ ላይ፣ ወተቱ ወደ ታች መለየት ስለሚጀምር ወዲያው ይቀዳል። ረቂቅ አረፋ የሚፈለገው ከላይ ለሚሣለው ቅጠል ወይም ልብ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ሥዕሉ ምልክት ነው። ረቂቁ አረፋ ከወተቱ ጋር አንድ ሆኖ ስለሚፈስ ቡናው በእያንዳንዱ ጉንጭ ውስጥ ይገኛል፤ በሸካራው ግን ጠጪው መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ቀጭን ወተት፣ መጨረሻ ላይ ከሲኒው ሥር መራራ ቡና ይደርሰዋል። ቱቦው በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ እንፋሎቱ ዳግም ለአፍታ ይለቀቃል፤ ወደ ውስጥ የተመጠጠው ወተት በዚያ ሙቀት ጥቂት ቆይቶ ከደረቀ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ የሚቀጥለውን ሽክርክሪትም ያዳክማል።